ሎሚው የት ሄደ? ፊክሳቲቭ የሚይዘውና የማይይዘው

«ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ሽቶ መቀመም ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። ሎሚ 6 ግራም፣ ላቬንደር 2.5 ግራም፣ ሴዳር 1 ግራም፣ ቤንዞይን 0.5 ግራም፣ በድምሩ 10 ግራም ዘይት ቀመምኩ። በአልኮል 15 በመቶ አድርጌ ስቀባው ሎሚው በግማሽ ሰዓት ድራሹ ይጠፋል። ሽታው እንዲቆይ ፊክሳቲቭ ጨምሪ ተባልኩና የአምበርግሪስ ሽታ ያለውን አምብሮክሳን ግማሽ ግራም ጨመርኩበት። ሎሚው አሁንም ጠፋ! ለእኔ ከዚያ በኋላ ምንም አይሸተኝም፤ ባለቤቴ ግን እስከ ማታ ይሸታል ይላል። ፊክሳቲቭ የሚባለው ነገር ምንድን ነው በትክክል የሚሠራው? ከዓሣ ነባሪ የሚገኘውን እውነተኛ አምበርግሪስ ባገኝ ይሻል ነበር?»

ባለቤትሽ ልክ ነው። አንቺም ልክ ነሽ። አምብሮክሳኑም ሥራውን ሠርቷል። አንቺ ግን የእሱ ያልሆነ ሥራ ጠብቀሽበታል። ፊክሳቲቭ ሎሚን አስሮ የሚያስቀምጥ ገመድ አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል፤ እኔም ሥራውን ስጀምር እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ሽቶው ቆዳሽ ላይ ካረፈ በኋላ የሚሆነውን እንይ። አልኮሉ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ አብዛኛው ይተናል። የሚቀረው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። በዚያ ሽፋን ውስጥ የሎሚው፣ የላቬንደሩ፣ የሴዳሩና የቤንዞይኑ ሞለኪውሎች ተደባልቀዋል። እያንዳንዱ ከሽፋኑ ላይ የሚያመልጥበት ፍጥነት በሁለት ነገር ይወሰናል። አንደኛው የራሱ ተፈጥሮ ነው፤ ቀላል ከሆነ ቶሎ ይተናል። ሁለተኛው በድብልቁ ውስጥ ያለው ድርሻ ነው። ከመቶው ሞለኪውል ሰባው ሎሚ ከሆነ ብዙ ሎሚ ያመልጣል፣ ሠላሳው ከሆነ ያነሰ። ይህን ፈረንሳዊው ኬሚስት ራውል በ1880ዎቹ ያወጣው ሕግ ነው፣ ዛሬም ሽቶ ቤት ውስጥ ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። ድርሻው የሚቆጠረው በግራም አይደለም፣ በሞለኪውል ቁጥር ነው። የሎሚ ዘይት ዋናው ክፍል ሊሞኒን ይባላል፤ የሞለኪውል ክብደቱ 136 ነው። አምብሮክሳን 236 ነው። ስለዚህ ከአንድ ግራም ሎሚ ውስጥ የምታገኚው የሞለኪውል ብዛት ከአንድ ግራም አምብሮክሳን በጣም ይበልጣል። እንቁላል በደርዘን እንደሚቆጠር ሁሉ ኬሚስቶች ሞለኪውልን በሞል ይቆጥራሉ። ለእኛ ዓይነት ትንሽ መጠን ሚሊሞል ይበቃናል።

ያንቺን ቅንብር ልቁጠርልሽ። 6 ግራም ሎሚ ወደ 44 ሚሊሞል ይሆናል። ላቬንደሩ ወደ 15፣ ሴዳሩ ወደ 5፣ ቤንዞይኑ ወደ 2። ድምሩ 66 ነው። ከ66ቱ 44ቱ ሎሚ ነው ማለት ነው፤ ሁለት ሦስተኛው። አሁን ግማሽ ግራም አምብሮክሳን ጨመርሽ። እሱ ወደ 2 ሚሊሞል ነው። ድምሩ 68 ሆነ። የሎሚው ድርሻ ከ67 በመቶ ወደ 65 በመቶ ወረደ። በቃ። ለሎሚው ምንም አልተለወጠበትም ማለት ይቻላል፤ የሚወጣበትን በር በአንድ ስንዝር አጠበብሽበት እንጂ አልዘጋሽበትም።

የሎሚውን ድርሻ በግማሽ ለመቀነስ ብትፈልጊስ? ሌላ 66 ሚሊሞል ያስፈልግሻል። በአምብሮክሳን ሲመነዘር 15 ግራም ተኩል ገደማ ነው። ጠቅላላ ዘይትሽ 10 ግራም ነበር! ያን ያህል ጠጣር ነገር ደግሞ በዘይትሽ ውስጥ ሟሙቶ አይቀመጥም፤ ክሪስታል ሠርቶ ከብልቃጡ ሥር ይወርዳል። ሒሳቡ ግምታዊ ነው፤ ሞለኪውሎች እርስ በርስ የሚሳሳቡበትና የሚገፋፉበት ነገር ስላለ ትንሽ ወዲያና ወዲህ ይላል። ትልቁን ሥዕል ግን አይለውጠውም።

ሌላም አለ። እኔ ተማሪዎች ሲመጡ መጀመሪያ የምነግራቸው ይህንን ነው። የማይተን ነገር አይሸትም። አፍንጫሽ ድረስ የሚመጣው ያመለጠው ሞለኪውል ብቻ ነው። ስለዚህ ሎሚውን በእውነት ይዞ የሚያስቀር ነገር ብታገኚ፣ ሎሚው ይቆያል ግን አይሸትሽም። በዝግታ ከወጣ በዝግታ ነው የሚሸተው። አንድ ጣሳ ውኃ ቶሎ ብትደፊው ያጥለቀልቃል፣ በጠብታ ብታወርጂው ቀኑን ሙሉ ይንጠባጠባል፤ ውኃው ግን ያው አንድ ጣሳ ነው።

እንግዲህ ፊክሳቲቭ ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። በአንድ ስም የሚጠሩ ነገር ግን ሥራቸው የተለያየ ነገሮች አሉ። ሙጫዎቹን አስቀድማለሁ።

ቤንዞይን የአንድ ዛፍ ሙጫ ነው። ቅርፊቱ ሲቆረጥ ይፈስና ይደርቃል። ከዚያ በአልኮል ወይም በሌላ ማሟሚያ ይወጣና እንደ ማር የወፈረ ነገር ይሆናል። ላብዳነም ደግሞ ከሜዲትራኒያን አካባቢ ቁጥቋጦ የሚገኝ የሚያጣብቅ ሙጫ ነው። እነዚህ ውስጥ ብዙው ክፍል ከባድ ሞለኪውል ስለሆነ ጨርሶ አይተንም ማለት ይቻላል። አልኮሉ ሲሄድ ቆዳሽ ላይ ወፈር ያለ ሽፋን ይሠራሉ። ሎሚው በዚያ ውፍረት ውስጥ እየዳኸ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። ስለዚህ ሙጫ በእርግጥ ትነትን ያዘገያል። ግን ይህ የሚታየው መጠኑ ሲበዛ ነው፤ ያንቺ ግማሽ ግራም ከ10 ግራም ውስጥ ሽፋኑን አያወፍረውም።

ይብዛ ብለሽ እንዳትጨምሪ ግን የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ጀማሪ ሳለሁ ልክ እንዳንቺ በሎሚ ተናድጄ 10 ግራም ዘይት ውስጥ 3 ግራም ቤንዞይን ጨመርኩ። ብልቃጡ ሻይ መሰለ። ነጭ ሸሚዝ አንገትጌ ላይ ረጨሁት፣ ቡናማ ቀለበት ትቶ ቀረ፤ ታጥቦም አልለቀቀም። ሎሚው ደግሞ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ለሁለት ወር ሳስቀምጠው ይብስ ጠቆረ። ቤንዞይን ውስጥ ቫኒሊን አለ፤ ቫኒሊን ከጊዜ ጋር ቀለም ያጠቁራል። ከሥር ደግሞ ዝቃጭ ተቀመጠ። ሙጫ የገባበትን ሽቶ ቢያንስ ለሁለት ቀን ፍሪጅ ውስጥ አቆይቶ ቀዝቃዛውን በወረቀት ማጥለል የግድ መሆኑን ያኔ ነው የተማርኩት።

ቤንዞይን ስትገዢ ስንት በመቶ እንደሆነ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ በሌላ ፈሳሽ ተቀጥኖ ነው የሚሸጠው፣ ግማሽ በግማሽ የተለመደ ነው። ግማሽ ግራም ጨመርኩ ስትዪ ምናልባት ሩብ ግራም ብቻ ጨምረሽ ይሆናል።

በነገራችን ላይ ስለ ዕጣን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዕጣን ሙጫ ነው፣ ሙጫ ፊክሳቲቭ ነው፣ እንግዲህ የዕጣን ዘይትም ፊክሳቲቭ ነው ይባላል። አይደለም። የዕጣን ዘይት የሚወጣው በእንፋሎት ነው። እንፋሎቱ ይዞት የሚወጣው ቀላል ቀላሉን ነው፤ ከባዱ ሙጫ እዚያው ጋኑ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ዘይቱ ከሎሚ ብዙም ሳይርቅ ተከታትሎ ይሄዳል። ማቆያ ከፈለግሽ በማሟሚያ የወጣውን የዕጣን ሬዚኖይድ ነው መፈለግ ያለብሽ። ከርቤ ግን ለየት ይላል፤ ዘይቱ ራሱ ከባድ ሞለኪውሎች ስላሉት ወረቀት ላይ ረጅም ይቆያል። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ «ቤዝ ኖት»፣ መጨረሻ ላይ የሚቀሩ ሽታዎች፣ ተብለው በሠንጠረዥ ሲቀመጡ ሳይ ሁሌ ይገርመኛል።

አሁን ወደ አምበርግሪስ። ስፐርም ዌል የሚባለው ዓሣ ነባሪ ስኩዊድ የሚባል የባሕር እንስሳ ይበላል። የስኩዊዱ ጠንካራ መንቁር አይፈጭለትም። አንጀቱ ውስጥ በዚያ ዙሪያ ሰም የመሰለ ነገር ይጠራቀማል፤ ያ ነው አምበርግሪስ። ትኩሱ ጥቁር ነው፣ ለስላሳ ነው፣ እበት እበት ይላል። ማንም ለሽቶ አይመርጠውም። ከዚያ ባሕር ላይ ለዓመታት ሲንሳፈፍ ፀሐይ፣ ጨውና አየር ይለውጡታል። ግራጫ ይሆናል፣ አንዳንዴ ወደ ነጭ ይጠጋል፤ ሽታውም ወደ ባሕር፣ ወደ አሮጌ እንጨት፣ ወደ ትንባሆ ይዞራል።

የአምበርግሪስ ዋናው ነገር አምብሪን ይባላል። የሚገርመው አምብሪን ራሱ አይሸትም። ሞለኪውሉ በጣም ትልቅ ስለሆነ አይተንም። አየርና ብርሃን ሲሰብሩት ነው ትናንሽ ሽታ ያላቸው ሞለኪውሎች የሚወጡት። የአምብሪንን አወቃቀር በ1946 ኬሚስቶቹ ሩዚካ እና ላርዶን አወጡት። ከስብርባሪዎቹ አንዱ ዛሬ አምብሮክሳን ብለሽ የገዛሽው ነው። እንግዲህ «እውነተኛውን ባገኝ» ስትዪ፣ ከእውነተኛው ውስጥ ዋና ዋና ከሚሸቱት አንዱን ቀድሞ ይዘሽዋል።

ቀማሚዎች አምበርግሪስን በቁሙ አይጨምሩትም። ይፈጩትና 3 ግራሙን በ97 ግራም አልኮል ዘፍዝፈው ለወራት ያስቀምጡታል። ከዚያ ጠልለው ያንን አልኮል ይጠቀማሉ። እስቲ ቁጠሪው። ከዚያ አልኮል 5 ግራም ወስደሽ 100 ግራም ሽቶ ውስጥ ብትጨምሪ፣ የገባው አምበርግሪስ ከ0.15 ግራም አይበልጥም። ይህ ሎሚን ሊይዝ ነው? በራውል ሕግ ብትሄጂ ዜሮ ነው። ታዲያ ለዘመናት ምርጥ ፊክሳቲቭ ሲባል የኖረው ለምንድን ነው? በትንሹም ይሸታል፤ ረጅም ይሸታል፤ ሌላውንም ሽታ ሞቅ ያደርገዋል። ሎሚው ሲሄድ ባዶ ወረቀት አይቀርም። ሰው «ሽቶው ቆየ» የሚለው ይህን ነው። ከእንስሳ የሚገኙት ዝባድና ተፈጥሯዊው ሚስክም ሲሠሩ የኖሩት እንደዚሁ ነው።

ለመግዛት ካሰብሽ ግን ሁለት ነገር አስቢ። ስፐርም ዌል የዱር እንስሳትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት የመጀመሪያው ዝርዝር ላይ ያለ፣ ንግዱ የታገደ እንስሳ ነው። ባሕር የተፋው አምበርግሪስ በስምምነቱ እንደ እዳሪ ስለሚቆጠር በአንዳንድ አገር ይፈቀዳል፤ በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በሕንድ ግን ክልክል ነው። ሁለተኛው ማጭበርበሩ ነው። የጋለ መርፌ ሲነካው ቀልጦ ጥቁር የሚያጣብቅ ፈሳሽ ከሆነ እውነተኛ ነው ይሉሻል። ብዙ ዓይነት ሰምና ስብም ሲነካ ይቀልጣል፤ በዚያ ብቻ ተማምነሽ ገንዘብ አታውጪ። እኔ ብሆን ለዚህ ሽቶ አልገዛውም። ሎሚና ላቬንደር ውስጥ ልዩነቱን የሚለይ አፍንጫ ጥቂት ነው።

አምብሮክሳን ታሪኩ ከዓሣ ነባሪ ይጀምርና ተክል ጋ ይገባል። ክላሪ ሴጅ የሚባል ተክል ውስጥ ስክላሬኦል የተባለ ሞለኪውል አለ። በ1950 ፊርሜኒክ በተባለ የሽቶ ኩባንያ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሂንደር እና ስቶል ከዚያ ተነስተው ሞለኪውሉን ሠሩት። ዛሬ ስኳር በረቂቅ ተሕዋስያን አብላልቶ ከሚገኝ ነገር ተነስቶም ይመረታል። አምብሮክስ፣ አምብሮክሳን፣ አምብሮፊክስ የሚሉትን ስሞች ካየሽ አትደናገሪ፤ የተለያዩ አምራቾች ለአንድ ሞለኪውል ያወጡት የንግድ ስም ነው።

ቅድም የማይተን አይሸትም ብያለሁ። አምብሮክሳን በጣም በዝግታ ነው የሚተነው። ታዲያ ባለቤትሽ እስከ ማታ እንዴት ሸተተው? ምሥጢሩ እዚህ ነው። የሰው አፍንጫ ለአምብሮክሳን በጣም ንቁ ነው። ውኃ ውስጥ ከቢሊዮን 0.3 እጅ ብቻ ቢኖር ሰው ሊለየው ይችላል። ስለዚህ በጣም ጥቂት ሞለኪውል ቢያመልጥም ይበቃዋል። ዝግ ብሎ መውጣትና ጎልቶ መሽተት በአንድ ላይ የተገናኙበት ብርቅ ነገር ነው። ሊሞኒን ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ለመሽተት ብዙ መውጣት አለበት፣ ብዙ ሲወጣ ያልቃል።

ለአንቺ ለምን አልሸተተሽም? ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል። አንደኛው አፍንጫ መልመዱ ነው። ሽታው ሳይቋረጥ ከአንቺ ጋር ስለሚውል አእምሮሽ ዜና አይደለም ብሎ ይተወዋል። ባለቤትሽ ግን ከውጭ ሲገባ አዲስ ይሆንበታል። ሁለተኛው፣ አንዳንድ ሰው ከባድ ሞለኪውሎችን በከፊል ወይም ጨርሶ አይሸታቸውም። በተለይ ሰው ሠራሽ ሚስኮች ላይ ይህ የታወቀ ነው፣ አምብሮክሳን ላይም ያጋጥማል። የትኛው እንደሆነ ሳታውቂ «አልሸተተኝም» ብለሽ መጠን ከጨመርሽ ሰው አጠገብሽ መቀመጥ ያቅተዋል። አሁንም ከዘይትሽ ወደ 5 በመቶ ሆኗል። እንዳንቺ ላለ ሽቶ እኔ ከ1 በመቶ በታች ነው የምጀምረው።

እንዲህ ፈትኚው። አምብሮክሳኑን በአልኮል 1 በመቶ አሟሚ። ሦስት የመሞከሪያ ወረቀት ውሰጂ። ሁለቱን ባዶ አልኮል፣ አንዱን ከአምብሮክሳኑ ንከሪ። ከጀርባቸው ምልክት አድርጊና አሥር ደቂቃ አድርቂ። ባለቤትሽ ሳታዪ ቦታ ያቀያይራቸውና «የትኛው ይለያል?» ይበልሽ። ጠዋት፣ ሽቶ ሳትቀቢ ይሁን። በየመሃሉ ጥቂት ደቂቃ እያረፍሽ ስድስት ጊዜ ድገሚው። በዘፈቀደ ብትገምቺ ከስድስቱ ሁለቱን ነው የምታገኚው። አምስት ወይም ስድስት ካገኘሽ አፍንጫሽ ደህና ነው፣ ቀን ላይ የሚጠፋብሽ ስለለመድሽው ነው። ሁለት አካባቢ ከቀረሽ ግን በዚህ መጠን አይሸትሽም፤ መጠኑን ለባለቤትሽ አፍንጫ ተዪው።

ወደ ቅንብርሽ እንመለስ። የሎሚውን ድርሻ መቀነስ በቁንጥር አይሆንም ብለናል። ታዲያ የሚቀነሰው በምን ነው? በሽቶው አካል። መሃል ላይ የሚቆሙ፣ ከሎሚ የሚከብዱ፣ ብዙ ቢገቡም የማይጮኹ ነገሮች አሉ። ሄዲዮን አንዱ ነው፤ አየር የበዛበት፣ ጃስሚን ጃስሚን የሚል፣ ትንሽ ሎሚ የሚመስል። አይሶ ኢ ሱፐር ለስላሳ እንጨት ነው። ኤቲሊን ብራሲሌት ጣፋጭ ንጹሕ ሚስክ ነው። ባለሙያ ሽቶ ሲያቆይ የምታዪው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ነው እንጂ መጨረሻ ላይ በገባች ጠብታ አይደለም።

እኔ እንዲህ አደርገው ነበር። ሎሚ 2.3 ግራም፣ ላቬንደር 1.7፣ ሄዲዮን 2፣ አይሶ ኢ ሱፐር 1.5፣ ኤቲሊን ብራሲሌት 1.2፣ ሴዳር 0.5። ቤንዞይን፣ ግማሽ በግማሽ የቀጠነው፣ 0.3። አምብሮክሳን፣ በአልኮል 10 በመቶ የተሟሟው፣ 0.3። የቀረው 0.2 ግራም ሊትሲያ ኩቤባ የተባለ ተክል ዘይት ነው። ድምሩ 10 ግራም። በሞለኪውል ብትቆጥሪው ሎሚው አሁን ሲሶ ነው፤ ከሁለት ሦስተኛ ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ። ቅድም 15 ግራም ተኩል አምብሮክሳን ይጠይቅ የነበረው ሥራ ያለ ብዙ ወሬ ተሠራ። ንጹሕ አምብሮክሳኑ ደግሞ 0.03 ግራም ብቻ ነው።

ሊትሲያን ለምን አስገባሁት? አፍንጫሽ «ሎሚ» የሚለው በብዛት ባለው በሊሞኒን አይደለም፤ በዋናነት ሲትራል በተባለው ሞለኪውል ነው። ሎሚ ዘይት ውስጥ ሲትራል ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ሊትሲያ ኩቤባ ውስጥ ግን ከግማሽ በላይ ነው። ሲትራል ከሊሞኒን ዘግየት ብሎ ይተናል። ስለዚህ ጥቂቷ ሊትሲያ ሎሚው ሊያልቅ ሲል ትደርስለታለች። አታብዢው፤ ሲትራል ቆዳ ሊያስቆጣ ስለሚችል ገደብ አለው፣ ሲበዛም የወለል ማጽጃ ይሸታል።

ስለ ቆዳ ካነሳን ይህን ሳልነግርሽ አላልፍም። የሎሚሽ ዘይት ከልጣጩ ተጨምቆ የወጣ ከሆነ ፀሐይ ላይ ቆዳ የሚያቃጥሉ ነገሮች አሉበት። ዓለም አቀፉ የሽቶ ማኅበር ኢፍራ ተቀብቶ ለሚዋልበት ነገር ያስቀመጠው ገደብ 2 በመቶ ነው። ያንቺ 6 ግራም ከ10፣ በ15 በመቶ ሲቀጥን 9 በመቶ ይመጣል። የእኔም ቅንብር ወደ 3.5 በመቶ ነው፣ እሱም ያልፋል። ስለዚህ በእንፋሎት የወጣ የሎሚ ዘይት ተጠቀሚ፤ ገደቡ እሱን አይመለከትም። እስከዚያ ድረስ የድሮውን አንገትሽ ላይ ረጭተሽ ፀሐይ ላይ አትውጪ።

አምብሮክሳኑን ስታሟሚ ክሪስታሉን በክብደት 1 ግራም፣ አልኮል 9 ግራም አድርጊ። ካስቸገረ ብልቃጡን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቁሚው። ምድጃ አጠገብ አይሁን፤ አልኮሉ ይቀጣጠላል። ሲጨርስ እንደ ውኃ ጥርት ማለት አለበት።

የመጣውን ለውጥ በአፍንጫ ብቻ አትፍረጂ፤ መዝኚው። 0.001 ግራም የሚያነብ ሚዛን ካለሽ ሁለት ወረቀት ውሰጂ። አልኮል ሳይገባ፣ አንዱ ላይ የድሮውን ዘይት፣ ሌላው ላይ አዲሱን፣ 0.1 ግራም ያህል አድርጊ። ለመጀመሪያው ሰዓት በየአሥር ደቂቃው፣ ከዚያ በየሰዓቱ መዝነሽ ጻፊ። የድሮው ክብደት መጀመሪያ በፍጥነት ይወርድና ድንገት ቀጥ ይላል። ቀጥ ያለበት ቦታ ላይ አሽትቺው፤ ሎሚው ወጥቶ ያለቀበት ነው፣ ከዚያ በኋላ የቀረው በዝግታ የሚተነው ነው። የአዲሱ ክብደት ቀስ እያለ መውረድ አለበት። እሱም ድንገት ቀጥ ካለ መሃሉ ባዶ ነው ማለት ነው፤ ሄዲዮኑን ጨምሪ፣ አምብሮክሳኑን አትንኪ። ወረቀት ከቆዳ የተሻለ ያቆያል። ቆዳ ይሞቃል፣ የራሱን ድርሻም ይመጥጣል። ስለዚህ ወረቀቱን ሁለቱን ለማወዳደር እንጂ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለማወቅ አትጠቀሚበት።

እንዳትታለዪ ደግሞ፣ በሦስተኛው ሰዓት ሎሚ አታገኚም። በዚህ ቅንብርም አታገኚም። የምታገኚው ሎሚ ያለ የሚመስል ንጹሕ አየር፣ ከሥሩ ደረቅ እንጨትና ትንሽ ጣፋጭ ነው። ከዚህ በላይ ቃል የሚገባልሽ ሻጭ ካለ አልፈሽው ሂጂ።

የድሮው ዘይት አልኮል ሳይገባበት የቀረ ካለሽ አትድፊው። አምብሮክሳን ወደ 5 በመቶ ስላለበት 0.6 ግራሙ ውስጥ ልክ የምንፈልገው 0.03 ግራም አለ። አዲሱን ስትቀምሚ 0.3 የአምብሮክሳን ቅጥኑን ተዪው፣ ከሎሚው 0.3 ቀንሺ፣ በምትኩ ከድሮው 0.6 ግራም አስገቢ። አብሮት የሚገባው የተጨመቀ ሎሚ ሲቀጥን ግማሽ በመቶ ገደማ ነው፤ ከገደቡ በታች ስለሆነ አይጎዳሽም።